ስንተኛው እንጀራ ላይ ነው ትርፍ የሚጀምረው?

እንጀራ ጋግሮ ለሱቅና ለምግብ ቤት ማስረከብ ከውጭ ሲያዩት ሒሳቡ ቀላል ነው። ጤፍ ይገዛል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይጋገራል፣ ይሸጣል። የሽያጩ ብር ከጤፉ ዋጋ በልጦ ከተገኘ ሥራው አዋጭ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ወር ሲሞላ የቤት ኪራይ፣ የጋጋሪዎች ደመወዝና የመብራት ክፍያ ተከታትለው ይመጣሉ፤ በየቀኑ ሲያተርፍ የሰነበተው ሥራም ወሩ መጨረሻ ላይ እጁ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ብሩ የት እንደገባ አያውቅም።

ብሩ አልጠፋም። ችግሩ ጠባያቸው የተለያየ ወጪዎች አንድ ላይ ተደምረው መታሰባቸው ነው። አንዳንዱ ወጪ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ይጨምራል። ሌላው አንድም እንጀራ ባይጋገር ይከፈላል። ከሁለቱም ባሕርይ የወረሰ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። እነዚህ ሦስቱ ተለይተው ከታወቁ በኋላ ብቻ ነው ንግዱ በወር ስንት ሲሸጥ ራሱን እንደሚችል ማስላት የሚቻለው። የሒሳብ ባለሙያዎች ይህን ነጥብ ብሬክ ኢቭን ይሉታል፤ ገቢና ወጪ እኩል የሚሆኑበት፣ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት የሽያጭ መጠን ማለት ነው።

ነገሩን በአንድ አነስተኛ የእንጀራ መጋገሪያ እንየው። ቤት ተከራይታ፣ ሁለት ጋጋሪዎች ቀጥራ፣ በአራት የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትሠራ ነጋዴ አለች እንበል። በወር 25 ቀን ትሠራለች፤ አንዱን እንጀራ በ28 ብር ታስረክባለች። እዚህ የሚጠቀሱት ዋጋዎች ስሌቱ እንዲቀል የተመረጡ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤት አይደሉም። አንባቢ የራሱን ቁጥር በቦታቸው ተክቶ ሊያሰላ ይችላል።

ተለዋዋጩና ቋሚው

ተለዋዋጭ ወጪ የሚባለው ከምርቱ ብዛት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርደው ነው። በዚህ መጋገሪያ ዋነኛው ጤፍ ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ ከነማስፈጫው 100 ብር ወጥቶበት አምስት እንጀራ ቢወጣው፣ በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ 20 ብር የጤፍ ወጪ አለ። ለማሸጊያ ፕላስቲክ 50 ሳንቲም፣ ለማድረሻ ደግሞ 50 ሳንቲም እንያዝ። መቶ እንጀራ ሲጋገር እነዚህ መቶ ጊዜ ይወጣሉ፤ ሳይጋገር ከዋለ ግን አይወጡም።

ቋሚ ወጪ ተቃራኒው ነው። የቤቱ ኪራይ በወር 20,000 ብር ከሆነ፣ 3,000 እንጀራ ቢሸጥም 7,000 ቢሸጥም ያው 20,000 ነው። ሁለቱ ጋጋሪዎች በወር ደመወዝ የተቀጠሩ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 6,000 ብር ሲከፈል 12,000 ይሆናል። ለስልክ፣ ለጽዳትና ለመሳሰሉት 1,300 ብር ይወጣል እንበል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የምጣዶቹ እርጅና ነው። አራቱ ምጣዶች በ48,000 ብር ተገዝተው ለሁለት ዓመት የሚያገለግሉ ከሆነ፣ ወጪው ለ24 ወር ሲከፋፈል በወር 2,000 ብር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ በዚህ ወር ከኪስ አይወጣም። ሆኖም ካልተያዘ ምጣዱ የተቃጠለ ዕለት አዲስ መግዣ አይኖርም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው "ቋሚ" ሲባል "የማይለወጥ" ብሎ ይረዳዋል። አከራዩ ነገ ኪራይ ቢጨምር ያ ወጪ ከፍ ይላል፤ ቋሚ መሆኑ ግን አይቀርም። ቋሚ የተባለው ከእንጀራው ብዛት ጋር ስለማይንቀሳቀስ ነው። ጤፍ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዋጋ ላይ ቢቆምም እንደዚሁ ተለዋዋጭ ነው፤ ጠቅላላ የጤፍ ወጪ ምርቱን ተከትሎ ይሄዳልና። ስለዚህ አንድን ወጪ ለመመደብ ጥያቄው "ዋጋው ይለወጣል ወይ?" ሳይሆን "አንድ እንጀራ ብጨምር ይህ ወጪ ይጨምራል ወይ?" የሚለው ነው።

የመብራቱ ሒሳብ

መብራት ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ምጣዱ በጋገረ ቁጥር ኃይል ስለሚበላ ክፍያው ከእንጀራው ጋር ይጨምራል። ነገር ግን ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ አምፖሎቹ ይበራሉ፤ ምጣዶቹም ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው እንጀራ ሳይወጣባቸው በፊት እስኪግሉ ድረስ ኃይል ይጨርሳሉ። በዚያ ቀን 100 እንጀራም ይጋገር 300 ይህ ማጋያ አይቀርም። እንዲህ ያለው ቅይጥ ወጪ ይባላል፤ ከውስጡ ቋሚውም ተለዋዋጩም ይገኛል። መነሻ ደመወዝ ኖሮት በሸጠው ልክ ኮሚሽን የሚጨመርለት ሠራተኛም ከዚሁ ይመደባል።

ቅይጡን ለመለየት የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። የቆዩ ደረሰኞችና በየወሩ የተጋገረው ብዛት በቂ ናቸው። ነጋዴዋ የአራት ወር መዝገብ አላት እንበል። 4,000 እንጀራ በተጋገረበት ወር 4,700 ብር፣ 5,200 በተጋገረበት 6,050 ብር፣ 6,100 በተጋገረበት 6,700 ብር፣ 7,000 በተጋገረበት ወር ደግሞ 7,700 ብር ከፍላለች።

ቀላሉ ዘዴ ምርቱ ዝቅተኛ የነበረበትን ወርና ከፍተኛ የነበረበትን ወር ማነጻጸር ነው። ከ4,000 ወደ 7,000 ሲኬድ እንጀራው በ3,000 ጨምሯል፤ ክፍያውም በ3,000 ብር ጨምሯል። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ እንጀራ አንድ ብር መብራት ይፈጃል። 7,000 እንጀራ በዚህ ሒሳብ 7,000 ብር ከወሰደ፣ ከ7,700 ውስጥ የቀረው 700 ብር ምርት ኖረም አልኖረም የሚከፈለው ቋሚ ክፍል ነው ማለት ነው።

ውጤቱን በቀሩት ሁለት ወሮች መፈተሽ ይቻላል። ለ5,200 እንጀራ ስሌቱ 5,900 ብር ይሰጣል፤ የተከፈለው 6,050 ነበር። ለ6,100 እንጀራ 6,800 ይሰጣል፤ የተከፈለው 6,700 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ግምቱ ለሥራ ይበቃል። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ጫፍ ወሮች አንዱ ያልተለመደ ነበር ብሎ መጠርጠር ይገባ ነበር። ቆጣሪው ሳይነበብ በግምት የተከፈለበት ወር ሊሆን ይችላል። በካርድ የሚሠራ ቆጣሪ ከሆነም በአንዱ ወር የተሞላው ካርድ በሚቀጥለው ወር ተበልቶ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ በእንጨት የተጋገረበት ወርም ስሌቱን ያዛባል። ዘዴው ያለው ጉድለት ይኸው ነው፤ የሚደገፈው በሁለት ወር ላይ ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ መልሱም አብሮ ይበላሻል። ታሪፍ ከተቀየረ ደግሞ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ወሮች ማደባለቅ አይገባም።

መዋጮውና ነጥቡ

አሁን ወጪው ሁሉ በሁለት ወገን ተሰልፏል። ተለዋዋጩ ለአንድ እንጀራ ጤፍ 20 ብር፣ መብራት 1 ብር፣ ማሸጊያና ማድረሻ 1 ብር፣ በድምሩ 22 ብር ነው። ቋሚው በወር ኪራይ 20,000፣ ደመወዝ 12,000፣ የምጣድ እርጅና 2,000፣ ልዩ ልዩ 1,300 እና የመብራቱ ቋሚ ክፍል 700 ሲደመር 36,000 ብር ነው።

እንጀራው በ28 ብር ሲሸጥ 22ቱ ራሱን ለመጋገር ወጥቷል። የሚተርፈው 6 ብር ነው። ይህ 6 ብር ገና ትርፍ አይደለም። እንደ ዕድር መዋጮ አድርገን እንየው፤ እያንዳንዱ የተሸጠ እንጀራ ለቋሚው ወጪ 6 ብር እያዋጣ ያልፋል። መዋጮው 36,000 ሲሞላ ኪራዩም፣ ደመወዙም፣ ሌላውም ተሸፍኗል። 36,000 ለ6 ሲካፈል 6,000 ይመጣል። ብሬክ ኢቭን ማለት ይህ ነው፦ በወር 6,000 እንጀራ፣ በሥራ ቀን 240። በሽያጭ ገንዘብ ሲታይ 168,000 ብር ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ 6,001ኛው እንጀራ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት 6,000 ምንም አላተረፉም። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ እንጀራ ሙሉ 6 ብሩን ለነጋዴዋ ያስቀራል። 7,000 ስትሸጥ 6,000 ብር ታተርፋለች፤ 5,000 ስትሸጥ 6,000 ብር ትከስራለች። ሽያጯ 7,000 ላይ ከሆነም ኪሳራ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሊቀንስባት የሚችለው 1,000 እንጀራ ብቻ ነው፤ ከመቶ 14 ገደማ ማለት ነው። ሁለት ምግብ ቤቶች ደንበኝነታቸውን ቢያቋርጡ ይህ ርቀት ያልቃል።

ጤፍ ሁለት ብር ሲጨምር

የዚህ ስሌት ዋና ጥቅም ነጥቡን ከማወቅ ይልቅ ነጥቡ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት ነው። ጤፍ ከመቶ 10 ጨመረ እንበል። በአንድ እንጀራ ላይ የጤፉ ወጪ ከ20 ወደ 22 ብር ከፍ ይላል። በ28 ብር ዕቃ ላይ ሁለት ብር ነው፤ ብዙ ሰው "ደንበኛ እንዳይሸሽ እችለዋለሁ" ብሎ ዋጋውን ሳይነካ ያልፋል።

መዋጮው ግን ከ6 ወደ 4 ብር ወርዷል። 36,000 ለ4 ሲካፈል 9,000 ነው። ነጋዴዋ ትናንት 6,000 እንጀራ ሸጣ ራሷን ትችል የነበረች፣ ዛሬ ለዚያው 9,000 መሸጥ ይኖርባታል። የጤፍ ዋጋ በአንድ አሥረኛ ሲጨምር የሚፈለገው ሽያጭ በግማሽ አደገ። ምክንያቱም ጭማሪው የሚቀነሰው ከ28 ብሩ ሳይሆን ከጠባቧ የ6 ብር መዋጮ ላይ ነው። መዋጮው ከዋጋው አንጻር ጠባብ በሆነበት ንግድ ሁሉ እንዲሁ ይሆናል፤ የጥሬ ዕቃ ትንሽ ለውጥ ነጥቡን ሩቅ ይወስደዋል። ዋጋውን ወደ 30 ብር ካደረገችው ደግሞ መዋጮው ወደ 6 ብር፣ ነጥቡም ወደ 6,000 ይመለሳል። በጭማሪው ምክንያት አንዳንድ ደንበኛ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ከጭማሪው በኋላም 6,000 የሚገዛት ካላት፣ 28 ብር ላይ ቆማ 9,000 ገዢ ከመፈለግ ይሻላታል።

አንድ እንጀራ ስንት ያስወጣል?

አሁን ጤፉን ወደ ቀድሞ ዋጋው እንመልሰውና ሌላ ጉዳይ እንመልከት። ነጋዴዋ በወር 7,000 እንጀራ እየሸጠች ሳለ አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ምሳ በወር 1,000 እንጀራ በ25 ብር ስጪኝ ይላታል። እሷም ጠቅላላ ወጪዋን ለ7,000 አካፍላ አንዱ እንጀራ 27 ብር ከ14 ሳንቲም እንደሚያስወጣት አስልታለች። በ27 የሚያስወጣን በ25 መሸጥ ኪሳራ ነው ብላ እምቢ ልትል ትችላለች።

ያ 27 ብር ግን ከኪራዩና ከደመወዙ የደረሰውን ድርሻ ያካተተ አማካይ ነው፤ በብዛቱ ልክ ይለዋወጣል። 4,000 ብትሸጥ አማካዩ 31 ብር ይሆናል፤ 6,000 ብትሸጥ 28። አዲሱ ትእዛዝ ኪራይ አይጨምርባትም፣ ደመወዝም አይጨምርባትም። ምጣዶቹና ጋጋሪዎቹ እስከ 8,000 መድረስ ከቻሉ፣ ተጨማሪው እንጀራ የሚያስወጣት 22 ብር ብቻ ነው። በ25 ሲሸጥ 3 ብር ያዋጣል፤ 1,000ው 3,000 ብር ያመጣል። ትርፏ ከ6,000 ወደ 9,000 ያድጋል።

ይህ የሚሠራው ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ ነው። አንደኛው፣ ትእዛዙን የሚችል ትርፍ አቅም መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ የቀሩት ደንበኞች ያንኑ ዋጋ አለመጠየቃቸው ነው። ወሬው ወጥቶ ሁሉም በ25 ይሁንልን ካሉ መዋጮው በሙሉ 3 ብር ይሆናል፤ ብሬክ ኢቭኑም ወደ 12,000 ይዘላል። ያን ያህል እንጀራ ይህ ቤት ሊጋግር አይችልም።

ስምንት ሺኛውን ሲያልፉ

ስሌቱ ቋሚ ወጪው ለዘላለም 36,000 ላይ እንደሚቆም አድርጎ ያያል። እውነቱ ግን ቋሚ ወጪ ቋሚ የሚሆነው እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። ሁለቱ ጋጋሪዎች በአራት ምጣድ በቀን 320፣ በወር 8,000 እንጀራ ያወጣሉ እንበል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሦስተኛ ጋጋሪ በ6,000 ብር መቅጠርና ሁለት ምጣድ መጨመር ግድ ነው፤ የምጣዶቹ እርጅና በወር 1,000 ብር ይጨምራል። ቋሚው ወጪ ቀስ እያለ አይወጣም፤ እንደ ደረጃ በአንድ ጊዜ ከ36,000 ወደ 43,000 ይዘላል።

8,000 ስትሸጥ የነበረው ትርፍ 12,000 ብር ነበር። አዲሷ ጋጋሪ ገብታ ሽያጩ 8,100 ቢሆን መዋጮው 48,600፣ ትርፉም 5,600 ብር ብቻ ይሆናል። ሽያጭ ጨምሮ ትርፍ ከግማሽ በታች ወረደ። የቀድሞውን 12,000 ብር መልሶ ለማግኘት መዋጮው 55,000 መሙላት አለበት፤ ይህም 9,167 እንጀራ ነው። ስለዚህ "ደንበኛ በዛልኝ፣ ላስፋፋ" ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት ከ9,167 በላይ የሚገዛ አለ ወይ ነው። በ8,000ና በ9,167 መካከል የሚቀር ከሆነ ሳይስፋፉ መቅረቱ ይሻላል።

የመብራቱ ግምትም የተወሰደው ከ4,000 እስከ 7,000 ካለው መዝገብ ነው። ስድስት ምጣድ በሚሠራበት ቤት ጠዋት የሚግለው ምጣድ ስለሚበዛ ቋሚው 700 ብር ከፍ ይላል። አንድ ስሌት የሚታመነው ቁጥሮቹ በተገኙበት የምርት ክልል ውስጥ ነው።

በደመወዝ ወይስ በጋገሩት ልክ?

ወጪ ቋሚ ወይም ተለዋዋጭ መሆኑ አንዳንዴ የውል ጉዳይ ነው። ጋጋሪዎቹ 12,000 ብር ደመወዝ በመውሰድ ፈንታ በአንድ እንጀራ 2 ብር እንዲከፈላቸው ቢስማሙ፣ ቋሚው ወጪ ወደ 24,000 ይወርዳል፤ ተለዋዋጩ ወደ 24 ብር ይወጣል፤ መዋጮው 4 ብር ይሆናል። 24,000 ለ4 አሁንም 6,000 ነው። ነጥቡ ከቦታው አልተነቃነቀም።

የተለወጠው ከነጥቡ ግራና ቀኝ ያለው ነው። ገበያ ቀዝቅዞ 5,000 ብቻ ሲሸጥ በደመወዙ ውል ኪሳራው 6,000 ብር ነበር፤ በአዲሱ ውል 4,000 ነው። ገበያ ደርቶ 8,000 ሲሸጥ ደግሞ ትርፉ ከ12,000 ወደ 8,000 ይቀንሳል። ቋሚ ወጪው የከበደ ንግድ በደህና ቀን ብዙ ያተርፋል፣ በክፉ ቀን ብዙ ይከስራል። ተለዋዋጩ ያመዘነበት በሁለቱም ወገን ለዘብ ይላል። ብሬክ ኢቭናቸው እኩል የሆነ ሁለት ንግዶች አደጋቸው እኩል ነው ማለት አይደለም። በጋገሩት ልክ መክፈል አደጋውን ከነጋዴዋ ላይ አንስቶ በከፊል በጋጋሪዎቹ ትከሻ ላይ እንደሚያደርገውም መዘንጋት የለበትም።

ነጥቡን በሐሰት የሚያቀርቡት

በወረቀት ላይ የወጣ ብሬክ ኢቭን ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አጠር ብሎ ይገኛል። በመጋገሪያው ሁለት ምክንያት አለ።

የመጀመሪያው ተመላሽ እንጀራ ነው። ስሌቱ የሚቆጥረው የተሸጠውን ነው፤ ወጪ የሚወጣው ግን በተጋገረው ነው። ከመቶ አምስቱ ሳይሸጥ ከሱቅ የሚመለስ ከሆነ የ95ቱ ሽያጭ የመቶውን ወጪ ይሸከማል። የአንድ የተሸጠ እንጀራ ተለዋዋጭ ወጪ ከ22 ወደ 23 ብር ከ16 ሳንቲም ይወጣል፤ መዋጮው 4 ብር ከ84 ሳንቲም ይሆናል፤ ነጥቡም ከ6,000 ወደ 7,435 ገደማ ይርቃል። ተመላሹ ደርቆ ለድርቆሽ ከተሸጠ ጉዳቱ ትንሽ ይቀንሳል። አምስት ከመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል እንጂ በቀን 57 ያህል ተጨማሪ እንጀራ መሸጥ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የነጋዴዋ የራሷ ድካም ነው። ሊጡን የምታቦካው፣ አብሲት የምትጥለው፣ ሒሳብ የምትሰበስበው እሷ ናት፤ በስሌቱ ውስጥ ግን ደመወዟ የለም። ሌላ ቦታ ተቀጥራ 9,000 ብር ልታገኝ የምትችል ከሆነ፣ ያ ገንዘብ እዚህ በመሥራቷ ያጣችው ነውና ቋሚ ወጪ ላይ ይደመራል። ቋሚው 45,000፣ ነጥቡም 7,500 ይሆናል። 7,000 ሸጣ 6,000 ብር አተረፍኩ ስትል የነበረችው፣ በዚህ ዓይን ሲታይ ተቀጥራ ብትሠራ ከምታገኘው በ3,000 ብር ያነሰ ነው ያገኘችው።

ያልተቆጠረ ወጪ የትላልቆችም ችግር ነው። የአሜሪካው ሎክሂድ ኩባንያ በ1971 ትራይስታር የተባለውን የመንገደኛ አውሮፕላን ለመጨረስ 250 ሚሊዮን ዶላር ብድር መንግሥት እንዲዋስለት ሲጠይቅ፣ ከ195 እስከ 205 አውሮፕላን ከሸጠ ወጪውን እንደሚሸፍን ለኮንግረሱ ተናግሮ ነበር። ዋስትናው ተፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዩዌ ራይንሃርት የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ባወጣው ጥናት፣ ለዓመታት በፕሮጀክቱ ላይ ታስሮ የሚቆየው ካፒታል ዋጋ በስሌቱ ሲገባ ነጥቡ ከተባለው እጅግ እንደሚርቅ አሳየ። በመጨረሻ 250 ትራይስታር ተሠራ፤ ቁጥሩ ኩባንያው ከተናገረው በላይ ነው፤ ሥራው ግን በከባድ ኪሳራ ተዘጋ። ገንዘብ ሥራ ላይ ታስሮ ሲቆይ የራሱ ዋጋ አለው። መጋገሪያዋን በብድር የከፈተች ነጋዴም ወለዱን ከቋሚው ወጪ ጋር ካልደመረች ያው ስሕተት ውስጥ ናት።

ከዚህ በተጨማሪ ብሬክ ኢቭን በእጅ ስላለ ጥሬ ገንዘብ አይናገርም። ምግብ ቤቶቹ በዱቤ ወስደው ወር ጠብቀው የሚከፍሉ ከሆነ፣ 7,000 እንጀራ የሸጠችበት ወር ላይም የጤፍ መግዣ ልታጣ ትችላለች። ለዚያ የገቢና የወጪ ቀኖችን የሚያሳይ ሌላ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

ሲደመር የት ያደርሳል?

ሁለቱ የተዘለሉ ወጪዎች አንድ ላይ ሲገቡ የነጋዴዋ እውነተኛ ነጥብ 9,294 እንጀራ አካባቢ ይሆናል፤ 45,000 ብር ለ4 ብር ከ84 ሳንቲም መሆኑ ነው። ቤቱ ደግሞ ከ8,000 በላይ መጋገር አይችልም። ስለዚህ "ጠንክሬ ልሽጥ" የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም፤ ሙሉ አቅሟን ሸጣም ለራሷ ድካም የሚበቃ አታገኝም።

ያ ማለት ሥራው የማያዋጣ ነው ማለት አይደለም። ስሌቱ የቱን መንካት እንዳለባት ይነግራታል። የየሱቁን ሽያጭ መዝግባ ለእያንዳንዱ የምታደርሰውን ብዛት ብታስተካክልና ተመላሹን ከመቶ አምስት ወደ ሁለት ብታወርድ፣ ነጥቡ ወደ 8,107 ይጠጋል፤ አሁንም ከአቅሟ ትንሽ ያልፋል። በዚያ ላይ ዋጋውን አንድ ብር ብቻ ጨምራ 29 ብታደርገው መዋጮው 6 ብር ከ55 ሳንቲም ይሆንና ነጥቡ ወደ 6,870 ይወርዳል። በቀን 275 እንጀራ ነው። ቤቱ 320 ማውጣት ስለሚችል ከደመወዟ በላይ የምታተርፍበት በቀን 40 ያህል እንጀራ ይቀራታል። ኪራይ በተጨመረ፣ ጤፍ በተወደደ ወይም የመብራት ታሪፍ በተለወጠ ቁጥር ይህንኑ ማካፈል እንደገና መሥራት አለባት፤ የሚፈለገው የቋሚው ወጪ ድምር፣ የአንዱ እንጀራ መዋጮና አሥር ደቂቃ ነው።